ለሆቴል ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ኮሚሽን፣ የተጣራ ዋጋ ወይስ የቼክአውት እንግዳ

ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ 200 ብሮሹር አስቀምጬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ከቆጣሪው ጥግ ተገፍተው አገኘኋቸው፤ ላዩ ላይ ያለው የማኪያቶ ስኒ ክብ አትሞበታል። ከዚያ ሆቴል በሦስት ወር የመጣልኝ እንግዳ ስንት መሰላችሁ? አንድም። ማናጀሩ ግን ጥሩ ሰው ነበር፣ ሻይ ጋብዞኛል፣ 15 በመቶ ኮሚሽን የሚል ወረቀትም ተፈራርመናል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አንድ ወይም ሁለት መኪና ይዛችሁ ከአዲስ አበባ የቀን ጉዞ ለምትሠሩ፣ የሆቴሎችን በር ለማንኳኳት ለተዘጋጃችሁ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ውጭ ሀገር ካሉ ወኪሎች ጋር ይሠራሉ፣ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የሚቀመጥ እንግዳ ያን ያህል አያሳስባቸውም። እኛን ግን ያሳስበናል። ለሆቴል ይዘን የምንሄደው ሐሳብ በጥቅሉ ሦስት አራት ዓይነት ነው፣ ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። የትኛው ለየትኛው ሆቴል እንደሚሆን በአንድ ጉዞ ሒሳብ ላሳያችሁ።

ጉዞው የጢያ መስመር ይሁን፣ ምክንያቱም ለሆቴል ለማስረዳት ቀላል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከአዲስ ትወጣላችሁ፣ በዓለም ገና አድርጋችሁ የቡታጅራን መንገድ ትይዛላችሁ። መልካ ቁንጥሬ ላይ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ታያላችሁ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ትሳለማላችሁ፣ ከዚያ ጢያ ትክል ድንጋዮቹ ጋ ትደርሳላችሁ። ጢያ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ መልካ ቁንጥሬ ደግሞ በ2024። ሁለት የዓለም ቅርስ በአንድ ቀን፣ ከከተማው ወደ 85 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ። የጀሞ መጨናነቅ ካልያዛችሁ 11 ሰዓት ላይ ተመልሳችኋል።

አሁን ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩባቸው። የመኪና ኪራይ ከነሾፌሩ 8,000፣ ነዳጅ 3,500፣ አስጎብኚ 2,500፤ ድምር 14,000 ብር። ይህ አንድ ሰው ቢሄድም አራት ቢሄዱም አይለወጥም። ከዚህ በተጨማሪ በየሰዉ መግቢያ፣ ምሳና ውሃ 1,500 ያዙ። የመሸጫ ዋጋ በሰው 7,000 ይሁን፣ ቫቱን ለጊዜው ተውት። አራት ሰው ሲሄድ 28,000 ገባ፣ 20,000 ወጣ፣ 8,000 ተረፈ። ሦስት ሲሆኑ 21,000 ገብቶ 18,500 ይወጣል፣ የሚተርፈው 2,500 ነው። ሁለት ሲሆኑ 3,000 ከኪስ ትጨምራላችሁ።

እንግዲህ ወደ ሆቴሉ እንግባ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበው ኮሚሽን ነው። እንግዳ ላክልኝ፣ 15 በመቶ እሰጥሃለሁ። ለመናገር ቀላል ነው፣ ሆቴሉም ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ ኮሚሽን የሚታሰበው ከመሸጫው ዋጋ እንጂ ከትርፉ አለመሆኑ ነው፣ ይህን ብዙዎቻችን ከፈረምን በኋላ ነው የምንባንነው። አራት ሰው ሲሄድ 15 በመቶው 4,200 ብር ነው። ትርፉ 8,000 ነበር፣ ከግማሽ በላዩ ሄደ። ሦስት ሰው ሲሄድ ደግሞ ኮሚሽኑ 3,150 ነው፣ ትርፉ 2,500። ስለዚህ 650 ብር ከስራችሁ፣ ሆቴሉ አተረፈ፣ እናንተ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋላችሁ። ኮሚሽን የምትሰጡ ከሆነ ደብዳቤው ላይ «ከአራት እንግዳ ጀምሮ» የሚል ነገር አስገቡ፣ ወይም በመቶኛ ሳይሆን በሰው ቁርጥ ብር አድርጉት።

የኮሚሽን ትልቁ ጥቅም ገንዘቡ መጀመሪያ እናንተ ኪስ መግባቱ ነው። እንግዳው ለእናንተ ይከፍላል፣ እናንተ ለሆቴሉ ትከፍላላችሁ። ነዳጅ ዱቤ የሚሰጥ ማደያ እስካላገኛችሁ ድረስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሆቴሉ ለኮሚሽኑ ደረሰኝ መስጠት አለበት፣ ካልሰጠ ያወጣችሁት ብር ወጪ ሆኖ አይያዝላችሁም፣ ገቢዎች ዘንድ እንደ ትርፍ ይቆጠርባችኋል። ከመፈራረሙ በፊት ጠይቁ። «ደረሰኝ ይቅርብን፣ እንዲያው በእጅ» የሚል ሆቴል ካለ ያ 15 በመቶ በእውነቱ ከ15 በላይ ነው።

ወደ ማኪያቶው ብሮሹር ልመለስ፣ እዚያ የተማርኩት ነገር አለ። ኮሚሽኑን የፈረምኩት ከማናጀሩ ጋር ነው፣ ገንዘቡ የሚገባው ሆቴሉ ሒሳብ ውስጥ ነው። እንግዳ ግን «ነገ ምን ላድርግ?» ብሎ ማናጀር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሪሴፕሽን ላይ የቆመችውን ልጅ፣ ሻንጣ የሚያወጣውን ልጅ፣ በር ላይ ያለውን የታክሲ ሹፌር ነው። የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ ለልጆቹ በየእንግዳው የሚሰጣቸው ነገር አለው፣ ያውም ያኔውኑ በእጃቸው። የእኔ 15 በመቶ ለእነሱ ወሬ ነው። ኋላ ላይ የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊዋን ለብቻዋ ሳናግራት ሳቀችና «የኔ ወንድም፣ ብሮሹርህን ማን ያንሣው? ልጆቹ እኮ ስምህን እንኳን አያውቁትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስሜን ለማናጀሩ ብቻ ነበር የነገርኩት።

ሁለተኛው የተጣራ ዋጋ ነው። እናንተ ለሆቴሉ በሰው 6,000 ትሉታላችሁ፣ እሱ በፈለገው ይሸጠዋል። በ7,000 ይሸጠው፣ በ8,500 ይሸጠው የእሱ ጉዳይ ነው። ሆቴሎች ይህን ይወዱታል፣ ምክንያቱም እንደራሳቸው አገልግሎት አድርገው በክፍሉ ሒሳብ ላይ ጨምረው ያስከፍሉታል። እንግዳውም መውጫው ላይ አንድ ሒሳብ ይከፍላል፣ ይመቸዋል። የፋይናንስ ክፍል ያለው፣ ወረቀቱ የተስተካከለ፣ መካከለኛና ከዚያ በላይ ለሆነ ሆቴል ተፈጥሯዊው መንገድ ይህ ነው።

ለእናንተ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ገንዘቡ የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። አሁን የሚሰበስበው ሆቴሉ ነው፣ እናንተ በወሩ መጨረሻ ደረሰኝ ቆርጣችሁ ትጠብቃላችሁ። «ፊርማ ላይ ነው»፣ «ፋይናንሱ ወጣ ብሏል»፣ «ሰኞ ና»። እኔ አንዴ የመስከረም ጉዞ ገንዘብ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው የተከፈለኝ፣ እስከዚያ ነዳጁን ከእህቴ ተበድሬ ነበር የምሞላው። በየ15 ቀኑ ይከፈል፣ ካልተከፈለ ጉዞ ይቆማል የሚል ቃል ውል ውስጥ መኖር አለበት፣ ጻፉት ስትሉ ፊታቸው ከጨፈገገ ያው ምልክቱን አይታችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ መኪና ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ከአንድ ሆቴል ሁለት፣ ከሌላ ሆቴል ሁለት ሰው ሰብስቤ ወጣሁ፣ ሰው ሲያንስ ያው እንደዚህ ነው የሚሠራው። ዓለም ገና ሳንደርስ የኋላ ወንበር ላይ ጨዋታ ተጀመረ፣ ከየት ነህ፣ ስንት ቀን ቆየህ፣ ከዚያ ደግሞ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፤ አንተ ስንት ከፈልክ? አንዷ 7,000፣ አንዱ 9,000። መኪናው ውስጥ የነበረው ዝምታ እስከ መልካ ቁንጥሬ ድረስ አብሮን ተጓዘ። ሰውዬው የተናደደው በሆቴሉ አልነበረም፣ በእኔ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የተጣራ ዋጋ ስትሰጡ ጣሪያም አብራችሁ ስጡ፣ «ከዚህ በላይ አትሽጡ» የሚል። ማኅበራዊ ገጻችሁ ላይ የምትለጥፉት ዋጋም ከዚያው ጣሪያ ጋር እኩል ይሁን። ሆቴሉ በ7,000 ሲሸጥ እናንተ በ6,000 ብትለጥፉ ሆቴሉን ሰደባችሁት ማለት ነው፣ እንግዳው ስልኩን ከፍቶ ሪሴፕሽኗ ፊት ያሳያታል።

በሒሳቡ ከተመለከትነው ደግሞ የተጣራው ከኮሚሽኑ ብዙም አይሻልም። አራት ሰው በ6,000 ሲሆን 24,000፣ ወጪው 20,000፣ ቀሪው 4,000። ሦስት ሰው ከሆነ 500 ትከስራላችሁ። ያው ነው።

የተጣራ ዋጋ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ነገር የቅሬታ ጉዳይ ነው። ሆቴሉ ሻጭ ነውና እንግዳው የሚጮኸው በሆቴሉ ላይ ነው። ክረምት ላይ አዳዲ ማርያም አካባቢ መኪናዬ ጭቃ ያዘውና ማታ 2 ሰዓት ገባን። ሆቴሉ ሳይጠይቀኝ ለእንግዶቹ ሙሉ ገንዘባቸውን መልሶ ከወሩ ክፍያዬ ቆርጦ ጠበቀኝ። ጢያን አይተዋል፣ ምሳ በልተዋል፣ ጠፍቶ የቀረ ነገር የለም። ግን ምን ሲሆን ስንት ይመለሳል የሚል መስመር ውላችን ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ሎቢ ውስጥ ጠረጴዛ መከራየት ነው። ለትንሽ ድርጅት አይሆንም። ኪራዩ ሰው መጣም አልመጣም ይቆጥራል፣ ጠረጴዛው ላይ የምትቀመጥ ሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ የኢትዮጵያ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ የማይለየው ሆቴል ካልሆነ እለፉት።

አራተኛውን የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው፣ አሁን ግን መጀመሪያ ይዤ የምሄደው እሱን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማናጀር ስጠብቅ ዙሪያዬን አየሁ። ስድስት ሰባት ፈረንጅ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል፣ ሶኬት ላይ ሦስት ስልክ ተደራርቧል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሡት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ክፍል የሚለቀቀው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከምሳ ሰዓት እስከ ማታ የትም የለውም። ሎቢው ይሞላል፣ አዲስ የሚገባው እንግዳ መቀመጫ ያጣል፣ አስተናጋጁ አንድ ውሃ ለአራት ሰዓት ይቆጥራል፣ ሪሴፕሽኗ «ክፍሌን ትንሽ ብታቆዩልኝ» የሚል ልመና ስትመልስ ትውላለች።

ሆቴሉ ሕመም ያለበት እዚህ ጋ ነው። ሆቴል የእኔን ኮሚሽን ፈልጎ አያውቅም፣ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲሸጥ የሚያገኘው ከእኔ የወር ኮሚሽን ይበልጣል። የሚፈልገው ሎቢው እንዲተነፍስ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ገለበጥኩት። የመጨረሻ ቀን እንግዳ ጠዋት ክፍሉን ለቅቆ ሻንጣውን ሆቴሉ መጋዘን ያስቀምጣል፣ እኔ 2 ሰዓት ላይ ይዤው እወጣለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ እመልሰዋለሁ። ሲመለስ አቧራ ለብሷል፣ ሻወር ይፈልጋል፣ ራት ይፈልጋል። ሆቴሉ አንድ ክፍል ለአጭር ሰዓት ያከራየዋል፣ ራቱንም ይሸጥለታል። በዚያ ላይ ምሳውን ከመንገድ ምግብ ቤት መግዛቴን ትቼ ላንች ቦክስ ከሆቴሉ ኩሽና አዝዣለሁ፣ በ900 ብር። ያ ብር ድሮም እኔ የማወጣው ነበር፣ አሁን ሆቴሉ ጋ ገባ። ጢያ አካባቢ ምሳ ለሚመርጥ እንግዳ ምርጫው ብዙ አይደለም፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፣ ላንች ቦክሱ እኔንም ገላገለኝ።

ለሪሴፕሽን ልጆች በእንግዳ 300 ብር አለ፣ ጉዞው ባለቀ ማግስት በቴሌብር የሚገባ። ይህን በድብቅ አታድርጉት። ማናጀሩ ፊት ነው የተነጋገርነው፣ ወረቀቱም ላይ ሰፍሯል፣ ልጆቹ በፈረቃ እንዴት እንደሚካፈሉ የወሰነችውም የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊዋ ናት። በድብቅ የተሰጠ ብር አንድ ቀን ያጣላል፣ ከሥራ የሚባረረው ደግሞ ልጁ ነው።

ሒሳቡን ጨርሱልኝ። ሦስት ሰው ሲሄድ 2,500 ይተርፍ ነበር፣ ለልጆቹ 900 ሲወጣ 1,600 ይቀራል። አራት ሲሆኑ ከ8,000 ላይ 1,200 ወጥቶ 6,800። በኮሚሽን የከሰርኩበት መኪና እዚህ ያተርፋል። ገንዘቡንም የሚሰበስበው እኔ ነኝ።

ድክመቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ሆቴል የማታ በረራ እንግዳ የለውም። ካዛንቺስና ቦሌ ያሉት አላቸው፣ ስብሰባተኛ የሚያሳድሩት አላቸው። ፒያሳ ያለ ትንሽ ጌስትሃውስ ግን እንግዳው ሻንጣ በጀርባው ይዞ ሀገር የሚዞር ነው፣ ባለቤቷ ራሷ ሪሴፕሽን ላይ ትቀመጣለች፣ ላንች ቦክስ የሚሠራ ኩሽና የላትም። እሷ ጋ ኮሚሽን ይሠራል፣ በጣም ይሠራል፣ ምክንያቱም ኮሚሽኑን የምትቀበለውና እንግዳውን የምታናግረው ያቺው አንድ ሰው ናት። በቁርጥ ብር አድርጉት፣ ያኔውኑ ስጧት፣ ደረሰኛችሁን ተቀበሉ። የተጣራውን ደግሞ «በሒሳብ ክፍላችን ብቻ ነው የምንሠራው» ለሚሉ ትልልቅ ሆቴሎች አቆዩት፣ እሱንም የአንድ ወር ክፍያ ቢዘገይ የሚያስችል ገንዘብ ሲኖራችሁ።

ሌላው አደጋ መዘግየት ነው። የቼክአውት እንግዳ ዘገየ ማለት አውሮፕላን አመለጠው ማለት ነው። ስለዚህ በረራው ከማታ 4 ሰዓት በፊት የሆነ እንግዳ ጢያ አልወስድም፣ እንጦጦ ወይም ቢሾፍቱ እለዋለሁ። ዝናብ ካለ አዳዲን እዘላለሁ፣ ይህንንም ለሆቴሉ ቀድሜ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ከጢያ መነሻችን 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የድሮ ደብዳቤዬ «ድርጅታችን በቱሪዝም ዘርፍ የካበተ ልምድ ያለውና...» ብሎ ይጀምር ነበር። ማንም ከሁለተኛው መስመር አላለፈም። አሁን የምልከው ይህን ይመስላል፤

«ጤና ይስጥልኝ። የቀን ጉዞ የምንሠራ ባለ ሁለት መኪና ድርጅት ነን። ማታ በረራ ያላቸው እንግዶችዎ 6 ሰዓት ላይ ክፍል ለቅቀው እስከ ማታ ሎቢ እንደሚውሉ አይተናል። እነሱን ጠዋት 2 ሰዓት ወስደን መልካ ቁንጥሬንና ጢያን አሳይተን 11 ሰዓት ላይ እንመልሳለን። ምሳቸውን ከእርስዎ ኩሽና እንገዛለን። ሲመለሱ ለሻወር ክፍል የሚፈልጉትን ለእርስዎ እንተዋለን። ከሆቴሉ የምንጠይቀው የሻንጣ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ከሦስት ሰው በታች ከሆነ በዋዜማው ማታ 1 ሰዓት ላይ ደውለን እናሳውቃለን። ፈቃዳችንን፣ የመኪናውን ሰሌዳና የተሳፋሪ መድን ወረቀት አያይዘናል። ለአንድ ወር እንሞክረው፣ የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊዎን መቼ ላግኝ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ሆን ተብላ የገባች ናት። ማናጀሩ «እሺ» ብሎ እንዲያበቃ አልፈልግም፣ ሥራው ያለው እሷ ጋ ነው። ከተስማማን በኋላ ደግሞ ሁለት የሪሴፕሽን ልጆችን በነፃ ጢያ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሰው ባልሞላበት ቀን፣ ባዶ ወንበር ላይ። ካየች በኋላ እንግዳ ሲጠይቃት ብሮሹር አታነሣም፣ ስልኳን አውጥታ የራሷን ፎቶ ነው የምታሳየው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሰዓት። ቫውቸሩ ላይ «መነሻ 2:00» ብዬ አሳተምኩ። ሪሴፕሽኗ በእኛ ሰዓት አነበበችው፣ ጠዋት 2። ጀርመናዊው እንግዳ በእሱ ሰዓት አነበበው፣ ከምሳ በኋላ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስደውል እሱ ክፍሉ ውስጥ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። አሁን ቫውቸሩ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ የፀሐይ ሥዕል፣ ከተራራ ጀርባ ብቅ ስትል። ሥዕሉን የሣለችው ያቺው የፍሮንት ኦፊስ ኃላፊ ናት።